ሲንግል ኦሪጅን ወይስ ቅልቅል? የቡና ፍሬ ስንገዛ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ቀን ለቤት ቡና ልገዛ ገብቼ ሁለት እሽግ አማረጥኩ። አንዱ ላይ «የታጠበ ይርጋጨፌ፣ ቀለል ተደርጎ የተቆላ» ይላል። ሌላው ላይ «የኤስፕሬሶ ቅልቅል» ብቻ ተጽፏል። ይርጋጨፌውን አነሳሁ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ስሙም ያጓጓል። ቤት ገብቼ ኤስፕሬሶ አወጣሁና ወተት ጨመርኩበት። ይርጋጨፌ የሚታወቅበት የአበባ ሽታ የለ፣ የሎሚ ጣዕም የለ። የጠጣሁት ሊበላሽ የጀመረ የሚመስል፣ ኮምጠጥ ያለ ወተት ነበር። ቡናው ምንም አልጎደለውም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሌሎችም ያየኋቸውን ስህተቶች ጨምሬ እነሆ።

«ሲንግል ኦሪጅን» የሚለውን የጥራት ደረጃ አድርጎ ማየት

ቃሉ የሚነግረን ቡናው ከአንድ ቦታ መምጣቱን ነው፤ ጥሩ መሆኑን አይደለም። «አንድ ቦታ» ደግሞ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። አንድ አገር ሊሆን ይችላል፣ አንድ አካባቢ፣ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ ወይም የአንድ ገበሬ ማሳ። እሽጉ ላይ «ብራዚል» ብቻ ከተጻፈ ብዙም አልተነገረንም። የዓለም ቡና ሲሶ ገደማ የሚመጣው ከዚያው አገር ነው። ስለዚህ ከስሙ በታች ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ፦ አካባቢው፣ የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑ፣ የምርት ዘመኑና የተቆላበት ቀን። እነዚህ ከሌሉ ለስሙ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይዋጥልኝም።

ቅልቅል ሁሉ የተራረፈ ቡና ነው ብሎ ማሰብ

እውነት ለመናገር እንዲህ ያለ ቅልቅል አለ። ያረጀና የተሰባበረ ፍሬ ሰብስበው፣ ጣዕሙ እንዳይለይ እስኪጠቁር ይቆሉታል። ጥሩ ቅልቅል ግን ሲሠራ እያንዳንዱ ፍሬ የራሱ ሥራ ይሰጠዋል። ለምሳሌ 60 በመቶ ያልታጠበ የብራዚል ቡና፣ 25 በመቶ የታጠበ የኢትዮጵያ ቡና፣ 15 በመቶ ደግሞ ሮቡስታ ከሚባለው የቡና ዝርያ ደህናው ያለበትን እንውሰድ። ብራዚሉ አፍ ውስጥ ወፈር የማለት ስሜትና የለውዝ፣ የቸኮሌት ዓይነት ጣዕም ይሰጣል። የኢትዮጵያው መዓዛውንና ቅልል የሚያደርገውን አሲድ ያመጣል። ሮቡስታው ከላይ የሚቀመጠውን አረፋ ያወፍራል፣ ምሬትም ይጨምራል። ካፌኑም ከአረቢካ እጥፍ ገደማ ስለሆነ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ሰዎች አስቡበት።

የገዛችሁት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማየት አንድ እፍኝ ፍሬ ነጭ ሳህን ላይ አፍስሱ። አረቢካ ሞላላ ነው፣ መሃሉ ላይ ያለው ስንጥቅም ጠመም ይላል። ሮቡስታ ክብ ክብ ይላል፣ ስንጥቁም ቀጥ ያለ ነው። የፍሬዎቹ ቀለም ትንሽ ቢለያይ አትደንግጡ፤ ለየብቻ ተቆልተው በኋላ የተቀላቀሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ከሌሎቹ መሃል በጣም ገርጥተው የሚታዩት ግን ሳይበስሉ የተለቀሙ ናቸው። አንዷን ብታኝኩ የደረቀ የለውዝ ገለባ ትመስላለች። ሁለት ሦስት ብታገኙ ችግር የለውም። ሳህኑን ከሞሉት፣ ወይም ስብርባሪው ከበዛ፣ ወይም ሁሉም ጠቁሮ በዘይት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ያንን ቅልቅል ሁለተኛ አትግዙት።

እንዴት እንደምንጠጣው ሳናስብ መግዛት

የእኔ ስህተት ይሄ ነው። ትልቁም ይሄ ይመስለኛል።

ያን ቀን 18 ግራም ቡና ፈጭቼ፣ በ28 ሰከንድ 36 ግራም ኤስፕሬሶ አወጣሁ። ለብዙ ቅልቅሎች የሚሠራ መጠን ነው። በላዩ ላይ 150 ሚሊ ሊትር ያህል የሞቀ ወተት ሄደበት። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተበላሸ።

አንደኛው ከወተቱ ጋር የተያያዘ ነው። የወተት ስብና ፕሮቲን ስስ የሆነውን መዓዛ ይሸፍነዋል። አሲዱ ግን አይጠፋም፣ ከወተቱ ጣፋጭነት ጋር ይጋጫል። ተጨማሪ የከፈልኩበት የአበባ ሽታ ሄዶ ኮምጣጣው ብቻ ቀረልኝ ማለት ነው።

ሁለተኛው ከፍሬው ነው። ከፍታ ቦታ ላይ የበቀለና ቀለል ተደርጎ የተቆላ ፍሬ ጠንካራ ነው፣ ጣዕሙን በቀላሉ ለውሃ አይለቅም። ደቀቅ ያለ አፈጫጨት፣ ሞቅ ያለ ውሃና ረዘም ያለ ኤስፕሬሶ ይፈልጋል። ከዚያው 18 ግራም 45 ግራም ያህል ቢወጣ ይሻለው ነበር። የውሃዋ ሙቀት ከፍ ዝቅ የሚል ትንሽ የቤት ማሽን ላይ ይህን ማስተካከል አድካሚ ነው። ለኤስፕሬሶ የተሠራ ቅልቅል ብዙ ጊዜ ትንሽ ጠለቅ ተደርጎ ስለሚቆላ ቶሎ ይለቃል። አፈጫጨቱ ትንሽ ቢዛነፍም ይቅር ይላል።

ስለዚህ ቡናችሁ ወተት የሚገባበት ከሆነ፣ ጠዋት ዓይናችሁ ሳይገለጥ የምታወጡት ከሆነ፣ ቅልቅሉን ግዙ። በፊልተር ያለ ወተት የምትጠጡ ከሆነ፣ 15 ግራም ቡና በ250 ግራም ውሃ አንጠባጥባችሁ የምታጣጥሙ ከሆነ ግን ሲንግል ኦሪጅኑ የተከፈለበትን ያህል ይመልሳል።

ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ጣዕም መጠበቅ

ቡና ሰብል ነው። የኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ምርት በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ይለቀማል፤ የብራዚሉ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ። ጥሬው ዓመት ሲያልፈው መዓዛው ይከስማል፣ ወረቀት ወረቀት ወይም እንጨት እንጨት ማለት ይጀምራል። ሲንግል ኦሪጅን ሲያልቅ አለቀ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ምርት ሌላ ጣዕም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቅልቅል የሚሠራው ባለሙያ ግን አንዱ ሲያልቅበት ተመሳሳዩን ፈልጎ ይተካል፣ ስኒው ውስጥ ያለው ጣዕም እንዳይለወጥ። የቅልቅሉ ስም ሳይቀየር ውስጡ ቢቀየር ማጭበርበር አይደለም፣ ሥራው ራሱ ነው። ለቢሮ ወይም ለብዙ ሰው በየሳምንቱ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የምትፈልጉት ይህንኑ ነው።

ቅልቅሉ ላይ በተጻፈ ዝነኛ ስም መታለል

በአሜሪካዋ ሃዋይ ግዛት የሚበቅለው የኮና ቡና ጥሩ ምሳሌ ነው። የግዛቲቱ ሕግ ለብዙ ዓመታት 10 በመቶ ብቻ የኮና ቡና ያለበትን እሽግ «የኮና ቅልቅል» ብሎ መሸጥ ይፈቅድ ነበር። መቶኛውን ፈልጉ። ካልተጻፈ ጠይቁ።

የተረፉ እሽጎችን በአንድ ዕቃ መደባለቅ

ይህንንም ሞክሬዋለሁ። ጠንካራውና ለስላሳው ፍሬ በአንድ መፍጫ እኩል አይደቅም። መጠኑም ቢሆን በእሽግ ውስጥ እንደታሰበው አይቆይም። ከ18 ግራም ላይ 10 በመቶ ማለት አሥራ አራት ፍሬ ገደማ ነው፤ አንዴ ስትዘግኑ ሃያ ይገባል፣ አንዴ ስድስት። ከደባለቃችሁ ለእያንዳንዱ ስኒ ለየብቻ መዝኑ፣ መጠኑም ሰፋ ይበል። ያን ይርጋጨፌ በመጨረሻ የጨረስኩት እንዲህ ነው፦ 6 ግራም ከሱ፣ 12 ግራም ከዚያ መጀመሪያ ከናቅሁት የኤስፕሬሶ ቅልቅል። ከወተቱ በላይ የሎሚዋ ሽታ ትንሽ ብቅ አለች። ቀሪውን ያለ ወተት በፊልተር ጠጣሁት።