ቬክተሮቹ ሜሞሪ ውስጥ ገቡ፣ ፍለጋው ግን ተበላሸ፦ የፕሮዳክት ኳንታይዜሽን ችግርና መፍትሄ

ለፍለጋ የተዘጋጁ 50 ሚሊዮን የሰነድ ቬክተሮች አሏችሁ እንበል። አንዱ ቬክተር 768 ቁጥሮች ይዟል፣ አንዱ ቁጥር ደግሞ 4 ባይት ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ቬክተር 3072 ባይት ነው። ሁሉም ሲደመር 153.6 ጊጋባይት ይመጣል። ሰርቨራችሁ ግን ያለው 64 ጊጋባይት ሜሞሪ ነው።

በፕሮዳክት ኳንታይዜሽን (ከዚህ በኋላ ፒኪው እንበለው) ቬክተሩን 96 ቦታ ትቆርጡታላችሁ። እያንዳንዱ ቁራጭ 8 ቁጥሮች ይደርሱታል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ 256 ማዕከላት ያሉት ኮድቡክ በስልጠና ይዘጋጃል። ከዚያ ቁጥሮቹ ይጣሉና በቦታቸው በጣም ቅርብ የሆነው ማዕከል ተራ ቁጥር ብቻ ይቀመጣል። ተራ ቁጥሩ ከ0 እስከ 255 ስለሆነ 1 ባይት ይበቃዋል። 3072 ባይት የነበረው ቬክተር 96 ባይት ሆነ ማለት ነው። 50 ሚሊዮኑም በ4.8 ጊጋባይት ያልቃል።

እስከዚህ ደስ ይላል። ከዚያ ፍለጋውን ትሞክሩታላችሁ፤ የምታውቋቸው ጥሩ ውጤቶች የሉም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቶሎ ብሎ የባይቱን ቁጥር ከ96 ወደ 192 ያሳድጋል። እኔ ግን መጀመሪያ ለኩ እላለሁ፤ ጥፋቱ ከሌላ ቦታ ሊሆን ይችላልና።

ከሁሉ በፊት፦ መለኪያችሁን አዘጋጁ

ስልጠና ውስጥ ያልገቡ 1000 ጥያቄዎች ውሰዱ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ፣ ካልተጨመቁት ቬክተሮች ጋር አንድ በአንድ በማወዳደር እውነተኛዎቹን 10 ጎረቤቶች፣ ማለትም ለጥያቄው በጣም ቅርብ የሆኑትን ቬክተሮች፣ ፈልጉ። ፋይሉን ከዲስክ በቁራጭ እያነበባችሁ ስለምትሠሩት ሜሞሪ አያስቸግርም። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ የተጨመቀው ኢንዴክስ ከመለሳቸው 10 ውስጥ ስንቱ ከእነዚህ እንደሆኑ ቁጠሩ። አማካዩ ሪኮል ይባላል። ይህ ቁጥር ሳይኖር የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ ግምት ነው።

ምልክት፦ ሪኮሉ ዝቅተኛ ነው

ይህን በሚያህል ክምችት ላይ ፒኪው ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይሠራም። ቬክተሮቹ መጀመሪያ በዝርዝሮች ይመደባሉ፤ ለምሳሌ በ16384 ዝርዝሮች። ፍለጋው የሚያየው ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹን ነው። ስንቱን እንደሚያይ የሚወስነው `nprobe` ነው። ስለዚህ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንድም ትክክለኛው ጎረቤት ባልታየ ዝርዝር ውስጥ ቀርቷል፣ አንድም ታይቶ ሳለ ፒኪው ርቀቱን አሳስቶታል።

ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። `nprobe`ን እያሳደጋችሁ ሪኮሉን ለኩ። ኮዱ ፋይስ የሚባለውን የቬክተር ፍለጋ ላይብረሪ ይጠቀማል።

```python
ivf = faiss.extract_index_ivf(index)
for n in (1, 16, 64, 256):
    ivf.nprobe = n
    D, I = index.search(queries, 10)
    print(n, recall(I, truth))
```

`recall` የራሳችሁ ፈንክሽን ነው፤ የተመለሱትን ውጤቶች ከእውነተኛዎቹ ጎረቤቶች ጋር አወዳድሮ ይቆጥራል። በፋይስ የ`nprobe` መነሻ ዋጋ 1 መሆኑን አትርሱ። ካልነካችሁት ፍለጋው ከ16384 ዝርዝር አንዷን ብቻ ነው የሚያየው። ሌላም ነገር አለ። ከኢንዴክሱ ፊት ከታች የማነሳው ማዞሪያ ማትሪክስ ካለ፣ `index.nprobe` ብላችሁ የጻፋችሁት እሴት ውስጥ ድረስ ላይደርስ ይችላል። ቁጥሩን ትቀይራላችሁ፣ ውጤቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ከላይ `extract_index_ivf` የተጠቀምኩት ለዚህ ነው።

ለማሳያ ያህል እነዚህን ቁጥሮች አገኛችሁ እንበል፦ በ1 ዝርዝር 0.31፣ በ16 0.58፣ በ64 0.62፣ በ256 0.625። መጀመሪያ ላይ ጭማሪው ትልቅ ነበር። ያኔ ጥፋተኛው የታዩት ዝርዝሮች ማነስ ነው። ከ64 በኋላ ግን ቆመ። ያ ጣሪያ የፒኪው ነው። ከዚህ በላይ `nprobe`ን መጨመር ፍለጋውን ከማዘግየት ሌላ የሚፈይደው የለም።

ምልክት፦ `nprobe` ቢጨምርም ሪኮሉ አልነቃነቅ አለ

አሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ጎረቤቶቹ ጠፍተዋል ወይስ ተራቸው ብቻ ነው የተዛባው? ለማወቅ 10 ሳይሆን 100 ውጤት አስመልሱ። እውነተኛዎቹ 10 ጎረቤቶች ከ100ው ውስጥ ስንቱ እንደተገኙ ቁጠሩ። በምሳሌያችን 0.93 ሆነ እንበል።

እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከጥያቄው 3ኛው ጎረቤት በ0.412፣ 30ኛው በ0.430 ይርቃሉ እንበል። ልዩነታቸው 0.018 ነው። ፒኪው ርቀትን ሲገምት 0.03 ያህል ወደላይ ወይም ወደታች የሚስት ከሆነ፣ እነዚህን ሁለቱን መለየት አይችልም። 30ኛው 3ኛውን ቀድሞት ሊገኝ ይችላል። በ0.9 የሚርቀው ግን ዘሎ እዚህ መሃል አይገባም። ፒኪው ሰፈሩን ያውቀዋል፣ የቤት ቁጥሩን ነው የሚያምታታው።

መፍትሄው ዳግም መደርደር ነው። ፒኪው 100 እጩዎች ያምጣ። የ100ውን ዋና ቬክተሮች ከዲስክ አንብቡና ትክክለኛውን ርቀት አስልታችሁ ምርጥ 10ሩን አውጡ። ወጪው ለአንድ ጥያቄ 100 ንባብ፣ በጠቅላላው 300 ኪሎባይት ገደማ ነው። ጥሩ ኤስኤስዲ ይህን ይችላል፤ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ግን አትሞክሩት።

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ነገር፣ ውጤቱን ከመሥራታችሁ በፊት ማወቅ መቻላችሁ ነው። እውነተኛዎቹ ጎረቤቶች 100ው ውስጥ ካሉ፣ በትክክለኛ ርቀት ሲደረደሩ የግድ ከላይ ይወጣሉ። ስለዚህ ቅድም የለካችሁት 0.93፣ ከዳግም መደርደር በኋላ የምታገኙት ሪኮል ራሱ ነው። ለ50 እና ለ200 እጩዎችም ለክታችሁ የሚበቃችሁን ምረጡ።

ዲስክ የማያዋጣችሁ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ለመደርደሪያ የሚሆን ሁለተኛ ቅጂ፣ እያንዳንዱን ቁጥር በ1 ባይት አድርጋችሁ ሜሞሪ ውስጥ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። 768 ባይት በ50 ሚሊዮን 38.4 ጊጋባይት ነው። 64 ጊጋባይት ያለው ሰርቨር ከፒኪው ኮዶች ጋር ይችለዋል። ርቀቱ ፍጹም ትክክል ባይሆንም ከ96 ባይቱ እጅግ ይሻላል።

ምልክት፦ ጎረቤቶቹ 100ው ውስጥም የሉም

ይህ ከባዱ ነው። ዳግም መደርደር የሌለን ነገር አያመጣም። እንግዲህ የኮዱን ጥራት ማየት ግድ ነው። ቬክተሮችን ጨምቁ፣ መልሳችሁ ፍቱ፣ ከዋናው ምን ያህል እንደራቁ ለኩ።

```python
rec = index.sa_decode(index.sa_encode(x))
err = ((x - rec) ** 2).sum() / (x ** 2).sum()
```

ይህን ሁለት ጊዜ አድርጉት። አንዴ ለስልጠና በዋሉት ቬክተሮች፣ አንዴ ከመላው ክምችት በዕጣ በወጡ ሌሎች። ሁለተኛው ስህተት ከመጀመሪያው ጉልህ በሆነ መጠን ከበለጠ፣ ችግሩ የስልጠና ናሙናው ነው። የተለመደው ጥፋት ከፋይሉ መጀመሪያ ያሉትን ቬክተሮች መውሰድ ነው። ፋይሉ በቀን ወይም በርዕስ ተደርድሮ ከሆነ፣ ኮድቡኩ የተማረው አንዱን ጥግ ብቻ ነው። የቀረው ሰነድ ሁሉ በማያውቁት ማዕከላት ይለካል። ናሙናውን ከመላው ክምችት በዕጣ አውጡ።

ናሙናው ማነሱም ይጎዳል። ፋይስ ለአንድ ማዕከል ቢያንስ 39 ነጥብ ይፈልጋል። ለ256 ማዕከላት 9984 ቬክተር ማለት ነው፤ ካነሰ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። እሱ ግን ለፒኪው ብቻ የሚሆን ዝቅተኛው ነው። 16384ቱ ዝርዝሮች የራሳቸው ማዕከላት ስላላቸው በዚያው ስሌት 640 ሺህ ገደማ ይጠይቃሉ። አንድ ሚሊዮን ብትወስዱ አይቆጫችሁም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮድቡኩ ሲቀየር የድሮዎቹ ኮዶች ትርጉም ያጣሉ። 50 ሚሊዮኑም ቬክተር እንደገና ከዋናው መጨመቅ አለበት። ዋናዎቹን ቬክተሮች አትሰርዙ የምለው ለዚህ ነው።

ሁለቱ ስህተቶች ተመሳሳይ ሆነው ሁለቱም ትልቅ ከሆኑስ? ያኔ ስህተቱን በቁራጭ በቁራጭ ተመልከቱት።

```python
e = ((x - rec) ** 2).reshape(-1, 96, 8).sum(2).mean(0)
```

96 ቁጥሮች ታገኛላችሁ። ጥቂት ቁራጮች አብዛኛውን ስህተት ከተሸከሙ፣ መረጃው በቁራጮቹ መካከል እኩል አልተከፋፈለም። ፒኪው ለሁሉም ቁራጭ እኩል 1 ባይት ነው የሚሰጠው። ብዙ የሚለዋወጠው ቁራጭ 256 ማዕከል አይበቃውም፤ ብዙም የማይለዋወጠው ደግሞ የተሰጠውን ያባክናል። በተለይ ቬክተሮቹ በፒሲኤ ተቀንሰው የመጡ ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። ፒሲኤ ዋናውን ልዩነት ሁሉ ወደ መጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ያጭቀዋል።

ለዚህ ኦፒኪው የሚባለው ዘዴ አለ። ከመቁረጡ በፊት ቬክተሩን በተማረ ማትሪክስ ያዞረዋል፤ ልዩነቱ በቁራጮቹ መካከል ይሰራጫል። ማዞር ርቀትን አይለውጥም፣ ስለዚህ የሚጠፋ ነገር የለም። ማትሪክሱም 2.4 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው። ስልጠናው ግን ይረዝማል።

```python
index = faiss.index_factory(768, "OPQ96,IVF16384,PQ96")
```

ከማዞር በኋላ የቁራጭ በቁራጭ መለኪያው በዋናው ቬክተር ላይ አይሠራም፤ ቁራጮቹ የሚገኙት በዞረው ቬክተር ላይ ነውና። አጠቃላዩን `err` ብቻ አወዳድሩ።

ናሙናው ጥሩ ሆኖ፣ ኦፒኪውም ገብቶ፣ ጎረቤቶቹ አሁንም ከጠፉ፣ አሁን ባይት መጨመር ተገቢ ነው። 192 ባይት 9.6 ጊጋባይት ይወስዳል። በዚህ ሰርቨር ላይ አቅሙ አለ። ብቻ የባይቱ ቁጥር 768ን ያለ ቀሪ ማካፈል አለበት፤ 100 ብትሉት እምቢ ይላችኋል።

ምልክት፦ ሜሞሪው ካሰላችሁት በላይ ሆነ

ለእያንዳንዱ ቬክተር 8 ባይት መለያ ቁጥር ይቀመጣል። 50 ሚሊዮን ሲሆን 400 ሜጋባይት ነው። የዝርዝሮቹ ማዕከላት 50 ሜጋባይት ገደማ ይጨምራሉ። ኮድቡኩ ራሱ 1 ሜጋባይት አይሞላም። ፋይስ ፍለጋውን ለማፍጠን አስቀድሞ የሚያሰላው ሠንጠረዥ ደግሞ 1.6 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ከ6.9 ጊጋባይት እጅግ ካለፈ፣ መጀመሪያ ዋናው የቬክተር ድርድር አሁንም በፕሮግራማችሁ ውስጥ ተይዞ እንደሆነ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ቬክተሮቹን በጥቂት በጥቂቱ እያነበባችሁ አስገቡ። ሌላው ምክንያት ዝርዝሮቹ ሲያድጉ ለወደፊት ብለው የሚይዙት ትርፍ ቦታ ነው። ኢንዴክሱን ዲስክ ላይ ጽፋችሁ በአዲስ ፕሮሰስ መልሳችሁ ስትከፍቱት ትርፉ ይለቀቃል።