በጊዜ ጉዞ ታሪክ ውስጥ የራስን ሕግ የሚያፈርሱ ስህተቶች

የጊዜ ጉዞ ረቂቅ ሳነብ ብዙ ጊዜ የሚያናድደኝ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ደራሲው እስከዚያ ድረስ ያለፈው እንደማይቀየር ሲያሳየኝ ቆይቶ፣ የሚወደውን ገጸ ባሕርይ ማዳን ሲያምረው ያለፈውን ይቀይረዋል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንዲት ሴት የዘጠኝ ዓመት ወንድሟን ወንዝ እንዳይወስደው ለማድረግ 20 ዓመት ወደ ኋላ ትመለሳለች። ደራሲው ከሦስት ሕጎች አንዱን መምረጥ አለበት። በመጀመሪያው ያለፈው አይቀየርም፤ እሷ ተመልሳ የምታደርገው ሁሉ ድሮም የተደረገ ነው። ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ ኢጎር ኖቪኮቭ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው መርሕ ከዚህ ጋር ይሄዳል። በሁለተኛው፣ ታሪክ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ከተነካ ይለወጣል። በሦስተኛው አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል፤ ልጁ በአዲሱ ውስጥ ይተርፋል፣ በድሮው ግን እናቱ እያለቀሰች ትኖራለች። ሦስቱም ጥሩ ታሪክ ይወጣቸዋል፤ የሚያስከፍሉት ዋጋ ግን የተለያየ ነው።

ሕጉን መጨረሻ ላይ መጣስ

ምዕራፍ አንድ ላይ ሴትዮዋ ወንዙ ዳር ካለ ዛፍ ላይ ያረጀ የቢላ ምልክት ታያለች። ምዕራፍ ሦስት ላይ ወደ ኋላ ተመልሳ ያንን ምልክት ራሷ ትቀርጻለች። አንባቢው በዚህች ቅጽበት ሕጉን ተማረ፦ ያለፈው አይቀየርም። ምዕራፍ አምስት ላይ ልጁን ለመያዝ ሮጣ ሳትደርስ ትቀራለች፤ እኛም ተስፋ የሌለው ነገር መሆኑ ገብቶን አብረናት እናዝናለን። ከዚያ በመጨረሻው ምዕራፍ ልጁ ጎልማሳ ሆኖ በሩን ያንኳኳል። ደራሲውን ሲጠይቁት «ፍቅሯ ሕጉን አሸነፈው» ይላል። አላሸነፈውም! ፍቅሯ ምዕራፍ አምስት ላይም ነበረ። ያለፈው የሚቀየር ከሆነ ያኔ ለምን አልተቀየረም? ይህን ጥያቄ መመለስ ካልተቻለ፣ አንባቢው ያዘነበት ሁሉ በከንቱ ይሆናል።

ልጁን ማዳን የፈለገ ደራሲ ግን ሕጉን ሳይጥስ ሊያድነው ይችላል። የመጀመሪያው ሕግ የሚያስረው የሆነውን ነገር ነው፤ ሰዎች ሆኗል ብለው ያመኑትን አያስርም። ስለዚህ ወደ ምዕራፍ አንድ ተመልሶ የተጻፈውን መመርመር ነው። አስከሬኑ ተገኝቶ ከተቀበረ ልጁ ሞቷል፤ በዚህ ሕግ ሥር መውጫ የለም። ወንዙ ዳር የተገኘው ጫማው ብቻ ከሆነ ግን፣ ጫማውን እዚያ የተወው ማን ነው? እሷ ልትሆን ትችላለች። ልጁን ከውኃው አውጥታ ወደ ራሷ ዘመን ይዛው ትመጣለች፤ መንደሩ ጫማውን አይቶ ሰምጧል ይላል፤ ልጁም 20 ዓመት ሙሉ የጠፋው ለዚህ ነው። አሁን እናትየዋ ያረጀች፣ ልጇ ግን ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ይህ መጨረሻ ከበር ማንኳኳቱ ይልቅ ልብ ይነካል፤ ምዕራፍ አንድም ሳይዋሽ ይቀራል። መለያው ቀላል ነው፦ ተራኪው በራሱ አፍ የነገረን ነገር እውነት ሆኖ መቅረት አለበት፤ ገጸ ባሕርያቱ የገመቱት ግን ሊገለበጥ ይችላል።

የማን ትዝታ እንደሚቀየር አለመወሰን

ይህ የሁለተኛው ሕግ ጣጣ ነው። ልጁ ከተረፈ እህቱ ወደ ኋላ የምትመለስበት ምክንያት አልነበራትም፤ ታዲያ ማን አዳነው? የተለመደው መፍትሔ ተጓዧን ከለውጡ ነጻ ማድረግ ነው፤ እሷ የድሮውን ታስታውሳለች፣ ሌላው ሰው ሁሉ የሚያውቀው አዲሱን ነው። ይህን ከመረጣችሁ እስከ ጥጉ ሂዱበት። ከተረፈው ወንድሟ ጋር ያደገችበትን 20 ዓመት እሷ አታውቀውም። እሱ «ያን ጊዜ ታስታውሻለሽ?» ሲላት የምትመልሰው የላትም። በብዙ ጀማሪዎች ረቂቅ ግን አቅፋው ታለቅሳለች፣ በማግስቱም ሁሉን እንደምታውቅ ሆና ታወራለች።

ሕጉን በንግግር ማስረዳት

አንድ ሊቅ ቆሞ ሁለት ገጽ ሲያብራራ አንባቢ ይዘልለዋል፤ ከትልቁ ሙከራ በፊት በአንዲት ትንሽ ነገር፣ እንደዚያ የዛፍ ምልክት፣ አሳዩት።

ረቂቁ ሲያልቅ ያለፈው የተነካበትን እያንዳንዱን ትዕይንት ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ ከጉዞው በፊት ምን ነበረ፣ ተጓዡ ምን አደረገ፣ ሲመለስ ምን አገኘ፣ ማን ምን ያስታውሳል። ምርመራውን ከመጨረሻው ምዕራፍ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ከሌሎቹ ጋር የማይገጥም ትዕይንት ስታገኙ ገጸ ባሕርዩ ሰበብ እንዲደረድርለት አታድርጉ፤ ትዕይንቱን ራሱን እንደገና ጻፉት።