አንድ በጣም ትልቅ ቁጥር ሲኖር አማካይ ወይስ ሚዲያን? ሁለት ቀን የበላብኝ ጥያቄ

ጥያቄው የ9 ሰዎችን የጥበቃ ሰዓት በደቂቃ ሰጥቶ "የተለመደውን የጥበቃ ጊዜ የሚገልጸው ቁጥር የቱ ነው" ይላል፦ 15, 18, 12, 180, 19, 14, 16, 15, 17።

እኔ ደምሬ 306 አገኘሁ፣ ለ9 አካፍዬ 34 ጻፍኩ፣ ስህተት ተባለ። ድምሩን ሦስቴ ደግሜ ሰራሁት፣ ያው 34 ነው። ከዛ 180ን አውጥቼ በ8ቱ ሰራሁ፣ 15.75 መጣ፣ እሱም አልሆነም፣ ምክንያቱም 180 የአጻጻፍ ስህተት ነው የሚል ነገር ጥያቄው ላይ የለም፣ ሰውየው የእውነት 3 ሰዓት ጠብቋል። ሚዲያን፣ ማለትም መሃል ላይ ያለውን ቁጥር፣ ስሞክር ደግሞ በተጻፈበት ቅደም ተከተል አምስተኛውን ወስጄ 19 አልኩ።

የሰራልኝ መጀመሪያ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር ነው፦ 12, 14, 15, 15, 16, 17, 18, 19, 180። አሁን አምስተኛው 16 ነው፣ መልሱም እሱ ነው። ኤክሴል ላይ ከሆነ ግን ራሱ ስለሚደረድረው ይሄ በቂ ነው፦

```
=MEDIAN(A1:A9)
```

34 ለምን እንደማይሆን የገባኝ ከሱ በታች ያሉትን ስቆጥር ነው፣ ከ9ኙ 8ቱ በታች ናቸው፣ 34 አካባቢ የጠበቀ ሰው ደግሞ አንድም የለም። 180 ወደ 1800 ቢቀየር እንኳ አማካዩ 214 ይሆናል፣ ሚዲያኑ ግን 16 ላይ ነው የሚቀረው፣ ምክንያቱም እሱ የሚያየው ቦታን እንጂ የቁጥሩን ርቀት አይደለም።

ጥያቄው "በጠቅላላ ስንት ደቂቃ ተጠበቀ" ቢሆን ግን አማካዩ ነው የሚጠቅመው፣ 34 በ9 ተባዝቶ 306 ይመልሳል፣ 16 አይመልስም። ስለዚህ አውትላየር፣ ማለትም እንደ 180 ከሌሎቹ በጣም የራቀ ቁጥር፣ ስላየህ ብቻ ወደ ሚዲያን አትሩጥ፣ የተጠየቀው "የተለመደው" ነው ወይስ "ጠቅላላው" የሚለውን መጀመሪያ አንብብ።