የእርግዝና ክትትል ካርድን ወደ ሰንጠረዥ ስናሰፍር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የእርግዝና ክትትል ካርድ የሚሞላው በእጅና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ይህን ካርድ ወደ ኤክሴል ሰንጠረዥ የሚያሰፍር ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠነቀቅለት የሚገባው የእርግዝናው ዕድሜ ነው። የደም ግፊቱም ሆነ የማሕፀን ከፍታው የሚመዘነው እናቲቱ ስንተኛ ሳምንት ላይ እንዳለች ሲታወቅ ብቻ ስለሆነ፣ ሳምንቱ ከተሳሳተ በትክክል የተገለበጠው ልኬት ሁሉ የተሳሳተ ትርጉም ይይዛል።

የመጀመሪያው ስህተት ጳጉሜን መዘንጋት ነው። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ 280 ቀን ይቆጠርለታል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ነው። ነገር ግን በመካከሉ ጳጉሜ ካለፈች የሚደመረው አምስት ቀን ብቻ ሲሆን፣ ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ አራት ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከዘጌ የምትመጣ እናት የመጨረሻ የወር አበባዋን ያየችው ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው እንበል። ዘጠኝ ወር ሲደመር መስከረም 20 ይሆናል፤ ጳጉሜ ስላለፈች አምስት ቀን ይጨመርና የመውለጃ ቀኗ መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ይሆናል። ጳጉሜን የዘነጋ ግን መስከረም 30 ብሎ ይመዘግባል። መስከረም 2 ለክትትል ስትመጣ ትክክለኛው ዕድሜ 36 ሳምንት ከ5 ቀን ሆኖ ሳለ፣ በተሳሳተው ስሌት ልክ 36 ሳምንት ይሆናል። ይህች እናት በዚያ ቀን የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ሐኪሙ ምጥ እንዲጀምር ለማድረግ ሲያስብ 37 ሳምንት መሙላቷን ይጠይቃል፤ የሚሞላው መስከረም 4 ነው ወይስ መስከረም 9 የሚለው ልዩነት ለእርሷና ለጽንሱ ቀላል አይደለም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ስህተት ቀኑን በአንድ ሳጥን ውስጥ በተለመደው መልክ መጻፍ ነው። ኤክሴል የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም። ኮምፒውተሩ ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ ከተዘጋጀ፣ 20/04/2016 ብንጽፍለት ታኅሣሥ መሆኑን ሳይረዳ የፈረንጆቹን ኤፕሪል አድርጎ ይይዘዋል። ጥቅምት 30ን 30/02/2016 ብለን ስናስገባ ደግሞ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ቀን አይቀበለውም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። በዚህ ምክንያት በአንድ ዓምድ ውስጥ ከፊሉ ቀን፣ ከፊሉ ጽሑፍ ይሆናል። ምልክቱ ለዓይን ይታያል፤ አሰላለፉን ካልነካነው ጽሑፍ የሆነው በግራ፣ ቀን የሆነው በቀኝ በኩል ይሰለፋል። መፍትሔው ቀንን፣ ወርንና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች አስፍሮ፣ እያንዳንዱን ቀን ወደ አንድ ተራ ቁጥር መቀየር ነው። ቀኑ በA፣ ወሩ በB፣ ዓመቱ በC ላይ ከሆነ ቀመሩ እንዲህ ነው፦

```
=365*C2+INT(C2/4)+30*B2+A2
```

ጳጉሜ እንደ 13ኛ ወር ትገባለች፤ የአራት ዓመቱ ተጨማሪ ቀንም በቀመሩ ውስጥ ተይዟል። በምሳሌያችን ታኅሣሥ 20 ቀን 736484፣ መስከረም 2 ደግሞ 736741 ይሰጣሉ። ልዩነቱ 257 ቀን ነው፤ ለሰባት ሲካፈል 36 ሳምንት ከ5 ቀን ይሆናል። የአልትራሳውንድ ወረቀት ብዙ ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚመጣ፣ ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ ከቀየሩ በኋላ ብቻ ወደ ሰንጠረዡ ማስገባት ያስፈልጋል።

ሌላው ስህተት ለአንዲት እናት አንድ መስመር ሰጥቶ «1ኛ ጉብኝት፣ 2ኛ ጉብኝት» እያሉ ወደ ጎን መዘርጋት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ስምንት ክትትሎች ያሉ ሲሆን፣ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ነው። የምሳሌያችን እናት ግን መጀመሪያ የመጣችው ግንቦት 6፣ በ19 ሳምንት ከ3 ቀን ነው። «1ኛ» በሚለው ሳጥን ከገባች፣ ሰንጠረዡን የሚያነብ ሰው በጊዜ እንደመጣች ይቆጥራታል። ስለዚህ ሁለት ገጽ ማዘጋጀት ይሻላል። አንደኛው ለእናቲቱ ሆኖ የማይለወጠውን፣ ማለትም የወር አበባ ቀኗን፣ የደም ዓይነቷንና ያለፉ ወሊዶቿን ይይዛል፤ ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ጉብኝት አንድ መስመር ይሰጣል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ስም ሳይሆን የካርድ ቁጥር ይሁን፤ ሰንጠረዡ ብዙ እጅ ስለሚነካው የእናቲቱ ምስጢር የሚጠበቀው በዚህ ነው።

በልኬቶች ላይ የሚፈጸመው ስህተት ለመታየት የሚያስቸግር ነው። የደም ግፊትን 110/70 ብሎ በአንድ ሳጥን የጻፈ ሰው ማወዳደር አይችልም፤ የላይኛውና የታችኛው ለየብቻ ዓምድ ይኑራቸው። የምሳሌያችን እናት ግንቦት 6 ላይ 110/70፣ ሐምሌ 3 ላይ 122/78፣ ነሐሴ 8 ላይ 138/88፣ መስከረም 2 ላይ 144/92 ተለክታለች እንበል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከ140/90 በታች ናቸው ተብሎ በየጊዜው «ደህና» የሚል ቃል ብቻ ቢሰፍር ኖሮ ከጉብኝት ወደ ጉብኝት የጨመረው አይታይም ነበር። በካርዱ ላይ ያለው ቁጥር እንዳለ መገልበጥ አለበት፤ ፍርዱ በሌላ ዓምድ ይጻፋል። መስከረም 2 ላይ ከአራት ሰዓት በኋላ የተደገመ ልኬት ካለም ራሱን የቻለ መስመር ይሰጠው እንጂ በመጀመሪያው ላይ አይጻፍበት።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ሰረዟን ነው። በነሐሴ 8 መስመር፣ የሽንት ፕሮቲን በሚለው ቦታ አዋላጅዋ «–» ብቻ አስፍራለች። ይህ ፕሮቲን አልተገኘም ማለት ሊሆን ይችላል፤ መመርመሪያው ወረቀት አልቆ ምርመራው አልተሠራም ማለትም ሊሆን ይችላል። ግፊቷ 138/88 የደረሰ እናት ላይ ይህ ልዩነት ቀጣዩን ቀጠሮ ያቀርባል ወይም ያርቃል። ገልባጩ በግምት «የለም» ብሎ መሙላት የለበትም። ሰንጠረዡ «አልተገኘም»፣ «አልተሠራም» እና «ከካርዱ አይታወቅም» የሚሉ ሦስት የተለያዩ መልሶች ሊኖሩት ይገባል፤ የሚቻል ከሆነም አዋላጅዋን መጠየቅ ነው። አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፤ ኤክሴል «+1» ሲጻፍለት የመደመር ምልክቱን አጥፍቶ 1 ብቻ ስለሚያስቀር፣ ዓምዱ አስቀድሞ ለጽሑፍ መዘጋጀት አለበት።

የተጋላጭነት ምክንያቶችን በተመለከተ «ተጋላጭ፦ አዎ» የሚል ዓምድ ምንም አይናገርም። ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች፣ የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ የሆነና ዛሬ ግፊቷ የጨመረ እናት የሚያስፈልጋቸው ነገር የተለያየ ነው። ምክንያቱ በስሙ፣ መጀመሪያ ከታወቀበት ቀን ጋር ይመዝገብ።

የወሊድ ዕቅድ ዓምድም «ጤና ጣቢያ» በሚል አንድ ቃል ተሞልቶ መቅረት የለበትም። በደሴት ወይም በሐይቁ ዳር ርቃ ላለች እናት፣ ምጥ በሌሊት ቢመጣ ጀልባው የማን እንደሆነ፣ ስልኩ፣ የሚያጅባት ሰውና ደም የሚሰጣት ዘመድ ለየብቻ መጻፍ አለባቸው። የመጀመሪያ ልጅ ከሆነ ብዙዎች ለመውለድ ወደ እናታቸው ቤት ስለሚሄዱ፣ የወሊድ ጊዜ አድራሻ ከመመዝገቢያው አድራሻ ተለይቶ ይጠየቅ። ዕቅዱም ሁልጊዜ ቀን ይኑረው። የምሳሌያችን እናት በግንቦት የነበራት ዕቅድ በጤና ጣቢያ መውለድ ነበር፤ ከመስከረም 2 ልኬት በኋላ ግን በዚያው ቀን ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መላክ የሚል አዲስ መስመር ይጨመራል፤ የግንቦቱም ሳይሰረዝ ከበላዩ ይቆያል።