ፈተናውን ያለፈው የሕንፃ ሞዴል ለምን ይዋሻል?

ምልክቱ

የሕንፃውን ፍጆታ በኮምፒውተር የሚያሰላውን የኃይል ሞዴል ከቆጣሪው የ12 ወር ንባብ ጋር አስተያያችሁ። የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር የአሽሬ ጋይድላይን 14 ለወርሃዊ ዳታ የሚፈቅደው አማካይ ልዩነት ከ5 በመቶ፣ የወር በወር መዋዠቁ ደግሞ ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። የሁለቱ ስሌት ይኸው፤ `NMBE` አማካይ ልዩነቱ፣ `CVRMSE` መዋዠቁ፣ `m` ቆጣሪው፣ `s` ሞዴሉ፣ `n` የወራቱ ብዛት ነው።

```
NMBE   = 100 * sum(m - s) / ((n - 1) * mean(m))
CVRMSE = 100 * sqrt(sum((m - s)**2) / (n - 1)) / mean(m)
```

አንድ ቢሮ ሕንፃ እናስብ። ማሞቂያው በጋዝ ነው፤ ስለዚህ የመብራት ቆጣሪው የሚያሳየን ማቀዝቀዣውን፣ መብራቱንና መሣሪያዎቹን ብቻ ነው። በወር በአማካይ 52,000 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ውጤቱ `NMBE` 1፣ `CVRMSE` 12 ሆነ። አልፏል። ግን ልዩነቱን ወር በወር ስትደረድሩት በአምስቱ ቀዝቃዛ ወራት ሞዴሉ በየወሩ በ7,200 ኪሎዋት ሰዓት ያንሳል፤ በአምስቱ ሞቃት ወራት በየወሩ በ6,000 ይበልጣል። በመሃል ያሉት ሁለት ወራት ልክ ናቸው።

ይሄ ዝም ብሎ የሚታለፍ መዋዠቅ አይደለም። ሁለት ስህተቶች እርስ በርስ እየተሸፋፈኑ ነው። በዚህ ሞዴል የአዲስ ቺለር፣ ማለትም የዋናው ማቀዝቀዣ ማሽን፣ ቁጠባ ብታሰሉ የማቀዝቀዣው ፍጆታ ተጋኖ ስለገባ ቁጠባውም ይጋነናል።

ምንም ሳትነኩ በፊት

ሞዴሉ የሮጠው በዚያው ዓመት በተለካ የአየር ሁኔታ ፋይል መሆኑን አረጋግጡ። የ«አማካይ ዓመት» ፋይል ለዲዛይን ነው እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የቢሉም ወር ከካሌንደሩ ወር ጋር ላይገጥም ይችላል፤ የሞዴሉን ውጤት ቆጣሪው በተነበበባቸው ቀናት ቁረጡት። እዚህ ሁለቱም ተስተካክለዋል እንበል።

መንስኤውን ከቀዝቃዛው ወር መፈለግ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቺለሩ ብቃት ወይም ወደ ግድግዳው ነው። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የምነካቸው። በቀዝቃዛው ወር ቺለሩ ጠፍቷል፤ ስለዚህ የጎደለው 7,200 ከእሱ ሊሆን አይችልም። በ30 ቀን፣ ማለትም በ720 ሰዓት ስናካፍለው 10 ኪሎዋት ይሆናል።

አሁን የቆጣሪውን የ15 ደቂቃ ንባብ ክፈቱ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቆጣሪው 34 ኪሎዋት፣ ሞዴሉ 24 ይላል። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ደግሞ 120 እና 110። ቀንም ሌሊትም ያው 10 ነው። ልዩነቱ ሌሊት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የሰዓት ሰሌዳው ላይ ነበር፤ ሞዴሉ ሠራተኛው ሲወጣ ሁሉም ነገር ይጠፋል ብሎ ያምናል፣ ሰው ግን ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ ይሄዳል። 24 ሰዓት እኩል የሆነ ልዩነት ግን ጭራሽ ያልገባ ጭነትን ይጠቁማል። ሄዶ ማየት ነው። የሰርቨር ክፍል ተረስቶ ነበር። በክላምፕ ሜትር ሲለካ ሰርቨሮቹ 7፣ የክፍሉ የራሱ ማቀዝቀዣ 3 ኪሎዋት ይስባሉ።

ክፍሉ ሞዴሉ ውስጥ ሲገባ አንድ ጥንቃቄ አለ። 10ሩንም እንደ ውስጥ ሙቀት ቢሮው ላይ አትጣሉት። የክፍሉ ሙቀት በራሱ ማቀዝቀዣ በኩል ወደ ውጭ ስለሚወጣ ዋናውን ቺለር አይጨምርበትም። የራሱን ዞን ስጡት።

ውጤቱ ሲብስ

ይህን አስተካክላችሁ ስታሮጡት `NMBE` ወደ −14፣ `CVRMSE` ወደ 18 ይሄዳል። ሞዴሉ ወደቀ! ብዙዎች እዚህ ጋ ደንግጠው ወደ ኋላ ይመልሱታል። አትመልሱት። ቀዝቃዛዎቹ ወራት ገጥመዋል፤ በሞቃቶቹ የታየው 13,200 ትርፍ፣ ማለትም የቀድሞው 6,000 እና አሁን የገባው 7,200፣ ደግሞ ድሮም የነበረ፣ በሰርቨሩ ጉድለት የተሸፈነ ስህተት ነው። አሁን ለብቻው ወጣ።

ቀሪው ልዩነት ከውጭው ሙቀት ጋር አብሮ ስለሚያድግ ማቀዝቀዣውን ብቻ መርምሩ። መጀመሪያ ሄዶ ማረጋገጥ የሚቻለውን ያዙ፦ የቴርሞስታት ልክና የሥራ ሰዓት። ሞዴሉ 22 ዲግሪ ይላል፤ የመቆጣጠሪያ ሲስተሙ መዝገብ ግን 24.5። ሞዴሉ ከንጋቱ 11 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያቀዘቅዛል፤ መዝገቡ ከጠዋቱ 1 እስከ ማታ 12 ነው የሚለው። ሁለቱን በመዝገቡ ቁጥር ተኩና አሩጡት።

ትርፍ ከቀረ ከውጭ የሚገባውን የአየር መጠን ለኩ፤ ከዚያ የቺለሩን ብቃት። በስንጥቅ የሚገባውን አየርና የግድግዳውን መከላከያ የመጨረሻ አድርጉ። ግምት ስለሚበዛባቸው በእነሱ ማንኛውንም ልዩነት «መግጠም» ይቻላል፤ አደጋቸውም እዚያው ላይ ነው። በየለውጡ ጎን ማስረጃውን ጻፉ፤ ልኬት፣ መዝገብ ወይም ግምት። ሦስተኛው ዓይነት ከበዛ፣ ቁጥሩ ቢያልፍም ቁጠባውን በአንድ ቁጥር ሳይሆን «ከዚህ እስከዚህ» ብላችሁ አቅርቡ።