አምስት ቪዲዮ በአንድ መክፈቻ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጀማሪ ስለ ድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር ከተጻፈ ረጅም ጽሑፍ አምስት አጫጭር የቪዲዮ ስክሪፕቶች አውጥቶ አመጣልኝ። የመጀመሪያው «ይህ ሐዲድ ለመጠናቀቅ 20 ዓመት እንደፈጀ ያውቃሉ?» ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው «20 ዓመት የፈጀው ሐዲድ ከተማ እንደወለደ ያውቃሉ?» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «20 ዓመት ለምን ፈጀ?» አራተኛውን ሳላነብ ወረቀቱን አስቀመጥኩት።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። የተሳሳተው የጽሑፉን መግቢያ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ስላካፈለ ነው። ያ መግቢያ የተጻፈው አንባቢን ወደ ሙሉው ጽሑፍ ለማስገባት ነው፤ ስለ ድሬዳዋ ብቻ ለሚናገር የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አይሆንም። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ጥያቄውን ወደ አጋኖ ቀይሬ አዲስ መክፈቻ የጻፍኩ ይመስለኝ ነበር። ተመልካቹ ግን የሚሰማው ቃሉን ሳይሆን የሚገባለትን ተስፋ ነው። ተስፋው ያው ከሆነ «ይህን አይቼዋለሁ» ብሎ ያልፋል።

ስለዚህ መክፈቻውን መጨረሻ ላይ ጻፉት። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ስክሪፕት ሐተታ ጨርሱና እዚያ ብቻ ክብደት ያለውን ነገር ፈልጉ። የድሬዳዋው ክፍል ሐዲዱ ወደ ሐረር መውጣት እንደነበረበት፣ ተራራው አስቸጋሪ ሆኖ ከታች ባለው ሜዳ እንዳለፈ ይተርካል። መክፈቻው እዚያው ተቀምጧል፦ «ሐረርን ባቡር ያሳጣት ተራራዋ ነው።» ሌላው ክፍል ስለ ገንዘብ ነው፦ «እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ ግን እስከ 1917 ጠበቀች።» የሐዲዱ ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ነው፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር፦ «የድሮው ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ላይ መሄድ አይችልም።»

መፈተኛው ቀላል ነው። መክፈቻዎቹን ከሐተታቸው ቆርጣችሁ አደባልቁና ጽሑፉን ላላነበበ ሰው «አዛምድ» በሉት። አንዱ መክፈቻ ለሁለት ሐተታ ከተስማማ እንደገና ይጻፋል። የልጁን ሦስቱንም እርስ በርሳቸው ብትቀያይሯቸው ማንም አያውቅም ነበር።

«ባለፈው ቪዲዮ እንዳልነው» አትበሉ፤ ያለፈውን ያየው የለም።

የኋላ ታሪኩንም በየስክሪፕቱ አትድገሙት። ልጁ በአምስቱም ውስጥ ዳግማዊ ምኒልክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ እንደሰጡ ይተርካል፤ ከ60 ሰከንዱ 15ቱ በዚያ ያልቃል። የገንዘቡ ስክሪፕት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ እሱም በአንድ ዓረፍተ ነገር።

ከዚህ በተረፈ ቁጥሩን አስቀድማችሁ አትወስኑ። የልጁ አምስተኛ ስክሪፕት ስለ ኢልግ ነበር፤ የራሱ የሆነ መክፈቻ ብንፈልግ ብንፈልግ አጣንለት። አፍርሰን ከገንዘቡ ጋር ቀላቀልነው፣ አራት ሆኑ።