የማኅበር መዋጮ በኤክሴል ስትጽፉ «ብር» የሚለውን ቃል ከቁጥሩ ጋር አትተይቡ

የቁጠባ ማኅበር መዋጮ ከወረቀት ወደ ኤክሴል ሲገለበጥ ድምሩ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ሰው ሳይከፍል ቀርቶ አይደለም። «500 ብር» ተብሎ የተጻፈን ሴል ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥረው፣ SUM ምንም ሳያስጠነቅቅ ይዘለዋል። 24 አባላት 500 ከፍለው ሁለቱ እንዲህ ከተጻፉ፣ 12,000 መሆን የነበረበት 11,000 ይሆናል።

ስሞቹን በB፣ ወራቱን ከC እስከ N፣ የእያንዳንዱን አባል ድምር በO አድርጉ። ከዚያ ከመስከረም ዓምድ ድምር ሥር ይህን ጻፉና ወደ ቀኝ እስከ N ጎትቱት፦

```
=COUNTA(C2:C25)-COUNT(C2:C25)
```

የመጀመሪያው የተሞላውን ሴል ሁሉ ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ቁጥር ብቻ። ውጤቱ 0 ካልሆነ በዚያ ወር ያን ያህል ሴል ጽሑፍ ሆኗል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ በዓይንም ይለያል፤ ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል (አሰላለፉን ራሳችሁ ካልቀየራችሁት)። «ብር» እንዲታይ ከፈለጋችሁ Format Cells ውስጥ Custom ላይ ይህን አስገቡ፦

```
#,##0 "ብር"
```

ያልከፈለ ሰው ላይ 0 ጻፉ እንጂ ባዶ አትተዉት። ባዶው ገና ያልተገለበጠውን ያሳያችሁ።

አንድ ገደብ አለው። የጥቅምትን ውዝፍ በኅዳር የከፈለ አባል የሚጻፈው በጥቅምት ዓምድ ነው። ስለዚህ የኅዳር ድምር በኅዳር ከተሰበሰበው ገንዘብ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ካዝና ለመቁጠር በደረሰኝ ቀን የተጻፈ ሌላ ዝርዝር ያስፈልጋል።